ሽንትሽ አይደለም፣ እንክብልሽ ነው ያሳሰበኝ

«ሰላም እህት ዓለም። የጅማ ልጅ ነኝ፣ 26 ዓመቴ ነው፣ አንድ ልጅ አለኝ። ጥቅምት 5 የቲቢ መድኃኒት ጀመርኩ፣ በዚያው ቀን ሽንቴ የብርቱካን ጭማቂ መሰለ። አማቴ ኩላሊትሽ ተነክቷል ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ የቲቢ መድኃኒት የወሊድ መከላከያ ያበላሻል አለችኝ፣ እኔ በየቀኑ እንክብል ነው የምወስደው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ነርሷን መጠየቅ አፈርኩ። እንክብሉን ሁለት ሁለት ላድርገው? ወይስ የቲቢውን ለጥቂት ቀን ላቁመው? ከሂርማታ»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልሽ፣ ምክንያቱም ሌላውን እስክታነቢ መሽቶ ያድራል። የቲቢውን መድኃኒት አንድ ቀንም እንዳታቆሚ። እንክብሉን ሁለት ሁለት አታድርጊው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ኮንዶም ተጠቀሙ። አማትሽ ተሳስተዋል፣ ጎረቤትሽ ግን ልክ ናት። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ እዚያ ምን እንደምትይ ከታች እነግርሻለሁ።

አሁን ቀስ ብለን እንይው።

ከምትወስጃቸው አራት መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ይባላል። አራቱም በአንድ ክኒን ውስጥ ስለተቀላቀሉ ለብቻው አታዪውም። የሁለቱም ጉዳይሽ ባለቤት እሱ ነው፣ የቀለሙም የእንክብሉም። ነገር ግን ሁለቱን የሚያደርገው በተለያየ መንገድ ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ቀለሙን እንጨርስ። ፋርማሲ ስማር ሪፋምፒሲን ብቻውን ያለበትን ካፕሱል ላብራቶሪ ውስጥ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ዱቄቱ የጡብ ቀለም ነው፣ ጣቴን ቀባኝ፣ የነጭ ጋወኔ እጅጌ ላይ የቀረው ነጠብጣብ ደግሞ እስክመረቅ አብሮኝ ነበር። ማለትም ሰውነትሽ ቀለሙን አልፈጠረውም፣ መድኃኒቱ ራሱ ቀለም ነው። አንጀትሽ ይወስደዋል፣ ጉበትሽ ትንሽ ይቀይረዋል፣ የተቀየረውም ቀለሙን አይለቅም። ከዚያ ብዙው በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ተመልሶ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ የቀረው በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል። ኩላሊትሽ የሚገባውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ቀይ ሥር በልተሽ በማግስቱ ሽንት ቤት ደንግጠሽ ታውቂ ከሆነ ነገሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

በእንባም፣ በምራቅም፣ በላብም ይወጣል። በነጭ ነጠላ ወይም በነጭ ሸሚዝ ብብት ላይ ብርቱካናማ ብታዪ አትደንግጪ። ለዓይን ውስጥ የሚደረግ ለስላሳ ሌንስ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን አውልቂው፣ ከተቀባ አይለቅም።

ጠዋት 1 ሰዓት በባዶ ሆድ ከዋጥሽው፣ 3 ሰዓት አካባቢ ሽንትሽ ደምቆ ታገኚዋለሽ፣ ከሰዓት በኋላም እንዲሁ ነው። ማታ እየሳሳ ይሄዳል፣ በማግስቱ ከመዋጥሽ በፊት ደግሞ ከሁሉም የሳሳው ነው። ይህን መውጣትና መውረድ አስታውሺው፣ ከጉበት ሕመም የምትለይበት መንገድ እሱ ነው። የቲቢ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ያስቆጣል፣ ያን ጊዜም ሽንት ይጠቁራል። ግን ያኛው ብርቱካን አይደለም፣ እንደ ወፍራም ሻይ ወይም እንደ ኮካ ቡናማ ነው፣ ጠዋትም ማታም፣ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ያው ነው። ብቻውንም አይመጣም፣ ምግብ ያስጠላል፣ ያስመልሳል፣ ከቀኝ ጎድን በታች ያማል፣ የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል። ዓይንሽን ስታዪ በመስኮት ብርሃን እንጂ በአምፖል እንዳይሆን፣ የአምፖል ብርሃን ሁሉንም ሰው ቢጫ ያደርጋል። ይህ ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ የዚያኑ ቀን ሂጂ። ሪፋምፒሲን በተለመደው መጠን የዓይን ነጭን ቢጫ አያደርግም፣ ስለዚህ «መድኃኒቱ ነው» ብለሽ አትለፊው።

ቀለሙ ይኸው ነው። የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል፣ ጉዳትም የለው።

ሁለተኛው ነገር ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ የሳምንታት ጉዳይ ነው።

ጉበትሽ ውስጥ እንግዳ ነገር የሚያፈራርሱ ኢንዛይሞች አሉ። የቡና መጋዘን ገብተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ሴቶቹ ተደርድረው ቁጭ ብለው ፍሬ ይለቅማሉ። በአዘቦቱ ቀን አሥር ሴቶች ናቸው እንበል፣ አንድ ጆንያ ቡና ጠዋት ቢገባ እስከ ማታ ይቆያል። የእንክብልሽ ሆርሞን ደምሽ ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት የሚቆየው በዚህ ሂሳብ ነው። እንክብሉ ሲሠራ እኮ ታሳቢ ያደረገው አሥር ለቃሚ ነው፣ በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ እስከሚቀጥለው ቀን የሚበቃ።

ሪፋምፒሲን ምን ያደርጋል? የጉበትና የአንጀት ሴሎች ውስጥ «እንግዳ ኬሚካል መጥቷል» ብሎ የሚያስጠነቅቅ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ሪፋምፒሲን እሱ ላይ በደንብ ይገጥማል። ፕሮቲኑም የጥሪ ደወል ይደውላል፣ ለቃሚ ቅጠሩ ይላል። ሴሎቹ ኢንዛይም በብዛት መሥራት ይጀምራሉ። አሥሩ ሴቶች ሠላሳ፣ አርባ ይሆናሉ። ያ ጆንያ እንግዲህ ለምሳ እንኳ አይደርስም። ሪፋምፒሲን የራሱን ዕድሜም ያሳጥራል፣ መጀመሪያ ሰሞን ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጅበት የነበረው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 2 ወይም 3 ሰዓት ይወርዳል። የቀጠራቸው ለቃሚዎች እሱንም ይለቅሙታል።

ቅጥሩ በአንድ ቀን አያልቅም። ኢንዛይም መሠራት አለበት፣ ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አንቺ ሦስት ሳምንት ሆኖሻል። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ያለውን ጊዜ ያለ መከላከያ እንደነበርሽ ቁጠሪው። መጥፎ ዜና ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን አሁን ማወቅሽ ይሻላል።

ስንብቱም ቀስ ብሎ ነው። ሪፋምፒሲን ያቆምሽ ዕለት ለቃሚዎቹ ወደ ቤታቸው አይሄዱም፣ ሳምንታት ይቆያሉ። ሽንትሽ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ንጹሕ ይሆናል። ወጥመዱ ይሄ ነው። ሴቶች «ቀለሙ ጠፋ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቴ ወጣ» ብለው እንክብላቸውን ያምኑታል። መድኃኒቱ ወጥቷል፣ እውነት ነው። ሥራው ግን ገና አልወጣም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እዚሁ ጅማ በአንድ የግል ፋርማሲ ስሠራ፣ ገና አዲስ ሳለሁ፣ አንዲት ልጅ በየወሩ እየመጣች እንክብል ትገዛኝ ነበር። ሒሳብ ትከፍላለች፣ ትስቃለች፣ ትሄዳለች። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። በአራተኛው ወር መጥታ የእርግዝና መመርመሪያ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ቦርሳዋን ስትከፍት የቲቢ መድኃኒቱን ማሸጊያ ያየሁት። «አንድም ቀን አልዘለልኩም» አለችኝ፣ እውነቷን ነበር። ልጇ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ እንክብል ሸጬ አላውቅም። አንዳንዷ «ምን አገባሽ» የሚል ፊት ታሳየኛለች፣ ይሁን።

ወደ አንቺ እንመለስ። ጠዋት ሦስት ክኒን የምትወስጂ ከሆነ (ክብደትሽ ከ40 እስከ 54 ኪሎ ከሆነ የተለመደው እሱ ነው) በቀን 450 ሚሊ ግራም ሪፋምፒሲን ይገባሻል። የእንክብልሽን ማሸጊያ ደግሞ ገልብጠሽ እዪው፣ ብዙዎቹ ላይ የሚጻፈው 0.03 ሚሊ ግራም ኤቲኒል ኢስትራዲዮል እና 0.15 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው። የመጀመሪያው ከአንድ ሚሊ ግራም መቶኛ ሦስቱ ብቻ ነው፣ ለቃሚ በዝቶ ከዚያ ላይ ግማሹ ቢሄድ ምን ይተርፋል? እንቁላል እንዳይወጣ ለማገድ አይበቃም። አንዳንዷ ወሩ መሀል ላይ ነጠብጣብ ደም ታያለች፣ ሆርሞኑ ማነሱን የሚያሳብቅ ምልክት ነው። ግን ብዙዎቹ ምንም አያዩም። ደም ስላላየሽ ይሠራል ማለት አይደለም።

ታዲያ ሁለት ቢሆንስ? የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያደርገዋል። ለአንዳንድ ኢንዛይም የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ለአንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሐኪም መጠኑን ከፍ ያደረገበት ጊዜ አለ። ለሪፋምፒሲን ግን አይመከርም፣ ኃይሉ እጅግ የበዛ ስለሆነ ሁለቱም ስለመብቃታቸው ማንም ዋስ ሊሆንሽ አይችልም። ማቅለሽለሹ ግን በዋስትና ይመጣል።

የቲቢውን ማቋረጥስ? ሦስት አራት ቀን ብታቋርጪ ለቃሚዎቹ እንደሆነ አይሄዱም፣ ስለዚህ እንክብልሽ አይድንም። የተጠቀመው ባክቴሪያው ብቻ ነው፣ እሱም መድኃኒቱን እየለመደ ይመጣል። ሪፋምፒሲን የማይገድለው ቲቢ ሕክምናው ከባድ ነው፣ እዚያ እንዳንደርስ።

እንግዲህ ጤና ጣቢያ። መጀመሪያ የቲቢ ክፍሏ ነርስ ጋ ግቢና እንዲህ በይ፦ «ሪፋምፒሲን ላይ ነኝ፣ መከላከያዬ እንክብል ነው፣ መቀየር እፈልጋለሁ።» ይህን ያህል ነው። የምታፍሪበት ምንም ነገር የለውም፣ ነርሷ በየሳምንቱ የምትሰማው ነው፣ መጠየቅ የነበረባትም እሷ ናት። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ትልክሻለች።

እዚያ የእርግዝና ምርመራ ያደርጉልሻል። ከቤት የምታደርጊው ከሆነ ጠዋት፣ ክኒኑን ከመዋጥሽ በፊት ባለው ሽንት አድርጊው። አሁን ነጻ ቢል አይበቃም፣ ካለ አስተማማኝ መከላከያ ከተገናኛችሁበት የመጨረሻ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ቆጥረሽ ድገሚው። ባለፉት አምስት ቀናት ውስጥ ያለ ኮንዶም ተገናኝታችሁ ከሆነ ይህንንም ንገሪያቸው፣ መዳብ ያለው ሉፕ በአምስት ቀን ውስጥ ከገባ ያንንም ይከላከላል። ድንገተኛ መከላከያ ክኒን ብትወስጂ ደግሞ የተለመደው 1.5 ሚሊ ግራም አይበቃሽም። ለሪፋምፒሲን ተጠቃሚ ሁለት እጥፍ፣ 3 ሚሊ ግራም ነው የሚሰጠው፣ በቶሎ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ። ይህንን ከሱቅ ገዝተሽ ራስሽ አታድርጊው፣ ባለሙያው ይወቀው።

እርግዝና ከተገኘስ? የቲቢ ሕክምናው ይቀጥላል። አራቱ መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜም የሚሰጡ ናቸው። ያልታከመ ቲቢ ነው እናትንም ፅንስንም የሚጎዳው።

ካልተገኘ ምርጫሽ ሁለት ነው ብዬ አስባለሁ። የሦስት ወር መርፌ አንዱ ነው። እሱም ሆርሞን ነው፣ ታዲያ ለምን አይበላሽም ትይኝ ይሆናል። ወደ መጋዘኑ እንመለስ፦ መርፌው ከጡንቻሽ ቀስ እያለ የሚለቅ ትልቅ ክምችት ነው፣ ጉበትም ያንን ሆርሞን መጀመሪያውኑ በደረሰው ፍጥነት ሁሉ ይለቅመዋል። አሥሩ ሴቶች ከመኪና የወረደውን እየጨረሱ ሌላ መኪና እየጠበቁ ከሆነ፣ ሠላሳ ሴት መጨመር ምንም አይለውጥም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን ላይ ላለች ሴት ያለ ገደብ የሚፈቅደው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቀጠሮ እንዳታሳልፊ። ሌላ ጊዜ አንድ ሁለት ሳምንት ብትዘገዪ ይታለፍ ይሆናል፣ አሁን አይሁን። ከተወጋሽም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ኮንዶም ጨምሩ።

ሁለተኛው መዳብ ያለው ሉፕ ነው። ሆርሞን የለውም፣ ጉበት አያውቀውም፣ ሪፋምፒሲንም አይነካውም። ሌላ ልጅ በቅርቡ የማትፈልጉ ከሆነ እኔ ለእንዳንቺ ዓይነቷ የምመርጠው እሱን ነው፣ ጉዳቱ የወር አበባሽ ሊበዛና ቁርጠቱ ሊጨምር ይችላል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ሊሰጡሽ ቢሉ ግን ሪፋምፒሲን ላይ መሆንሽን ደግመሽ አስታውሻቸው። በየቀኑ የሚለቀው ትንሽ ነው፣ እንደ እንክብሉ ሊለቀም ይችላል። ቀድሞ የተቀበረላት ሴት ካለች ኮንዶም ትጨምር።

እስክትቀይሪ ድረስ የጀመርሽውን ማሸጊያ አትጣይው፣ ድንገት ብታቋርጪ የወር አበባሽ ይዛባና ማርገዝሽንና አለማርገዝሽን ማወቅ ያስቸግርሻል። ብቻ አትመኪበት።

የጅማ ነገር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ወባ። ወደ ግልገል ጊቤ በኩል ዘመድ ጥየቃ ሄደሽ ትኩሳት ቢይዝሽና ኮአርተም ቢሰጡሽ፣ ሪፋምፒሲን እሱንም ክፉኛ ይቀንሰዋል፣ የወባው ሕክምና ሊከሽፍ ይችላል። ስለዚህ ለሚመረምርሽ ሰው «የቲቢ መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ከስምሽ ቀጥሎ የምትናገሪው ይሁን፣ ሌላ መድኃኒት ይመርጥልሻል። የስኳርና የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶችንም እንዲሁ ያዳክማል፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ደግሞ በቀን አንድ መሆኑ ቀርቶ 50 ሚሊ ግራሙ ጠዋትና ማታ ይሆናል። ቤት ውስጥ ቲቢ የሚታከም የስኳር ሕመምተኛ ካለ የሚጠየቀው ሲጀምር ብቻ አይደለም። ሲጨርስም ይጠየቅ፣ ምክንያቱም ለቃሚዎቹ ሲበተኑ፣ ከፍ ተደርጎ የነበረው መጠን ያኔ ይበዛበታል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደም ሊፈሰው የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ካርድሽን አውጪና ቀን እንቁጠር። ጥቅምት 5 ጀመርሽ። ታኅሣሥ 5 ሁለት ወር ይሞላሻል፣ ክኒንሽ ይቀየራል፣ ከአራቱ ሁለቱ ይቀራሉ። «መድኃኒቱ ተቀነሰልኝ» ብለሽ ወደ እንክብልሽ እንዳትመለሺ፣ ከሚቀጥሉት ሁለቱ አንዱ ያው ሪፋምፒሲን ነው፣ ሽንትሽም ይነግርሻል። ስድስቱ ወር ሚያዝያ 5 አካባቢ ያልቃል። ሚያዝያ 7 ሽንትሽ ንጹሕ ይሆናል፣ አማትሽም «ተመስገን፣ ኩላሊቷ ዳነ» ይላሉ፣ ተያቸው ደስ ይበላቸው። አንቺ ግን ከመጨረሻዋ ክኒን በኋላ 28 ቀን ቁጠሪ። ወደ ግንቦት 3 ይወስድሻል። እንክብል መመለስ ከፈለግሽ ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፊው፣ የመጨረሻዋ ክኒን ቀን ከተገፋ እሱንም ገፍተሽ አስተካክይው።